ሪሊዙ በቴስት ምክንያት እንደሚዘገይና ምን ስጋት እንደሚቀር ለፕሮዳክት ማናጀር የሚጻፍ ኢሜይል፦ ረቂቄን እዩልኝ

ሽምብጥ_ቴስተር

ሰላም ለሁላችሁ። የጣና ጀልባዎች ትኬት የሚሸጥበት የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚሠራ ትንሽ ቡድን ውስጥ ቴስት የማደርገው እኔ ነኝ። እስካሁን ተጓዡ ወንበሩን በስልኩ ይዞ ገንዘቡን ወደቡ ላይ ለትኬት ቆራጩ ነው የሚከፍለው። ሐሙስ ጥር 3 ይወጣል የተባለው ሪሊዝ በስልክ መክፈልን ይጨምራል። ማናጀራችን ከጥምቀት በፊት መውጣቱን አጥብቃ ትፈልጋለች፤ ለከተራና ለጥምቀት ወደ ዘጌና ወደ ደቅ የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ።

ችግሩ ይሄ ነው። ተጓዡ «ክፈል» ብሎ ወዲያው ኔትወርክ ሲቋረጥበት መተግበሪያው «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። እንደገና ሲሞክር አንዳንዴ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ስልኩን በእጅ ወደ አውሮፕላን ሁነታ እየቀየርን 40 ጊዜ ሞክረን 3ቱ ላይ ሁለቴ ተቆርጧል።

የጻፍኩት ረቂቅ ይሄ ነው፦

«ሰላም። ቴስቱ ገና ስላላለቀ ሪሊዙ ጥቂት ቀናት ይዘገያል። የክፍያው ክፍል ላይ ክሪቲካል ባጎች ተገኝተዋል። ቴስቱን ሙሉ በሙሉ ስንጨርስ እናሳውቃለን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ቃሉ ጠነከረ ወይስ ላላ? የቱን ላስተካክል?

አባይ_ማዶ

ቃሉ አልጠነከረም፣ አልላላምም። ከዚህ ኢሜይል ማናጀሯ አንድም ነገር መወሰን አለመቻሏ ነው ችግሩ። «ጥቂት ቀናት» ሲባል ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? «ክሪቲካል ባግ» ለአንተ ትርጉም አለው፣ ለእሷ ግን ባለፈው ወር የአዝራር ቀለም ሲበላሽም ያው ቃል ተጽፎላት ሊሆን ይችላል። በገንዘብና በሰው ንገራት፦ «ኔትወርክ የተቋረጠበት ተጓዥ 300 ብር ከፍሎ ሌላ 300 ብር ሊቆረጥበት ይችላል።» ይሄን ያነበበ ማናጀር ሁለተኛ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ከሁሉ የከፋው «ሙሉ በሙሉ» ያልከው ነው። ቴስት ሙሉ በሙሉ አያልቅም። ጥር 8 ላይ «ጨርሰናል» ብለህ ጥር 10 አንድ ሰው ሁለቴ ቢቆረጥበት የሚጠፋው እምነት ከ600 ብር በላይ ነው። በቀሪው ቀን የሚሠራውንና ያ ሁሉ ተሠርቶም የሚቀረውን ለይተህ ጻፍ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለክፍያ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የምትልኩት መለያ ቁጥር የሚፈጠረው መቼ ነው? ወንበሩ ሲያዝ ወይስ «ክፈል» ሲነካ?

ታንኳ

ወገን፣ ለምን ታከብዱታላችሁ? ፕሌይ ስቶር ላይ ለ5 በመቶ ተጠቃሚ ብቻ ልቀቁት። ሐሙስ ይውጣ፣ ችግር ካያችሁ ታቆሙታላችሁ። መዘግየትም ኢሜይልም አያስፈልግም።

አባይ_ማዶ

ታንኳ፣ በትንሹ መልቀቁ ትክክል ነው፤ እኔም ኢሜይሉ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ግን የቴስት ምትክ አይሆንም። ፕሌይ ኮንሶል ላይ ስታቆመው የሚቆመው ለአዲስ ሰው መድረሱ ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ስልክ ላይ ያለው እዚያው ይኖራል፣ ወደ ድሮው አይመለስም። ለእነሱ ማስተካከያ ለማድረስ ከፍ ያለ `versionCode` ያለው አዲስ ቅጂ ልከህ እንደገና እስኪገመገም ትጠብቃለህ፤ ያ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በእጅህ አይደለም።

ሌላው፣ 5 በመቶው ውስጥ ኔትወርክ ልክ በዚያች ቅጽበት የሚቋረጥበት ሰው ላይገኝ ይችላል። ሁለት ቀን ዝም ማለቱን አይተህ «ደህና ነው» ትላለህ፣ ከዚያ 100 በመቶ ከፍተህ ከተራ ላይ ታገኘዋለህ።

መራዊ_ዴቭ

እኛም የሆቴል ማስያዣ ስንሠራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን ነበር፤ የእኛ ጣጣ ሰዓቱ ነው። ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ያስገባውን ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይመዘግበዋል። ሁለቱም 2:00 ስለሚመስሉ ማንም አላየውም ነበር። ጀልባ ላይማ ይብሳል፣ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ወደቡ ላይ ቆሞ ትኬቱ አልፏል ይባላል። ቴስታችሁ ውስጥ ይሄን አስገቡት።

ሽምብጥ_ቴስተር

መራዊ_ዴቭ አመሰግናለሁ። ሰዓቱ ባለፈው ሪሊዝ ተፈትሿል፤ ሰርቨሩ አንድ ዓይነት ሰዓት ብቻ ይይዛል፣ ስልኩ ሲያሳይ ነው የሚቀይረው። የአሁኑ ጥያቄዬ ምን ልፈትሽ ሳይሆን ለማናጀሯ ምን ልጻፍ ነው።

አባይ_ማዶ፣ ዴቨሎፐሩን ጠየቅኩት። መለያ ቁጥሩ «ክፈል» በተነካ ቁጥር አዲስ ይፈጠራል።

አባይ_ማዶ

እንግዲያው ምክንያቱ እሱ ነው። ተጓዡ ሁለተኛ ሲነካ የክፍያ ድርጅቱ የሚያየው አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ ክፍያ ነው፤ ድሮ የተከፈለው ድጋሚ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቁጥሩ ወንበሩ ሲያዝ አንድ ጊዜ መፈጠር አለበት። መተግበሪያው ተዘግቶ ቢከፈት እንዳይጠፋ ስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት፣ ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ እንዳይቀበል ዳታቤዙ ላይ መከልከል አለበት። ከዚህ በተጨማሪ መልስ ሳይመጣ ጊዜው ሲያልፍ «አልተሳካም» ማለቱን ተዉት። መልስ አለመምጣቱ ክፍያው አለመፈጸሙን አያሳይም። «እያጣራን ነው» ይበልና ሰርቨሩ የክፍያ ድርጅቱን ይጠይቅ።

ይሄ ከኢሜይሉ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ቀን መስጠት ይቻላል ማለት ነው። «ባግ አለ» እና «ምክንያቱ ተገኝቷል፣ ማስተካከያው ሁለት ቀን ነው» ለማናጀር በጣም የተለያዩ ዜናዎች ናቸው።

ደግሞ ያ «ከ40 ሦስት» ያልከውን ቁጥር ኢሜይሉ ውስጥ ብቻውን አታስገባው። ስልኩን በእጅ ስትቀይር አብዛኛው ሙከራህ ጥያቄው ሳይወጣ ወይም መልሱ ከገባ በኋላ ነው የተቋረጠው። አደገኛው ጥያቄው ደርሶ መልሱ ሳይመጣ ያለው ክፍተት ነው፤ እሱ ላይ የወደቁት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ እውነተኛው ተጓዥ የሚደርስበትን አይነግርህም። ከማስተካከያው በኋላ ክፍተቱን ሆን ብለህ አስፋው፦ የሙከራው ሰርቨር መልሱን 10 ሴኮንድ ያዘግይ፣ በዚያ መሃል ኔትወርኩን በስክሪፕት ቁረጠው። ስልኩ በገመድ ይገናኝ፣ በዋይፋይ ካገናኘኸው ራስህን ነው የምትቆርጠው።

```
adb shell svc wifi disable
adb shell svc data disable
```

ከዚያ መልሰህ ክፈት፣ «ክፈል» ይነካ፣ ስንት ክፍያ እንደተመዘገበ ቁጠር። አንዱ ዙር 2 ደቂቃ ቢፈጅ 150 ዙር 5 ሰዓት ነው፣ ማታ ትቶት መሄድ ይቻላል።

ግሽ_ዓባይ_ፒኤም

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ኢሜይል የሚደርሰኝ። ወንድሜ ሽምብጥ፣ የመጀመሪያው መስመርህ ላይ ከእኔ የምትፈልገውን ውሳኔና እስከ መቼ እንደምትፈልገው ጻፍ። ርዕሱም «ስለ ቴስት» አይሁን። «ውሳኔ እስከ ማክሰኞ ቀትር፦ የስልክ ክፍያ ከጥር 3 ወደ ጥር 8» ቢል ስብሰባ ላይ ሆኜም በስልኬ አይቼ እገነዘባለሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ መንገድ ብቻ ይዘህ አትምጣ። አንድ መንገድ ብቻ ካቀረብክልኝ የሚቀረኝ እሺ ማለት ወይም መጣላት ነው። ሪሊዙ ውስጥ ሌላ ምን አለ? አዲሱ የጉዞ ሰሌዳና ወንበር መምረጫው ካለ ለምን ከክፍያው ጋር ይታገታል? የክፍያ ቁልፉን ከሰርቨር ዘግታችሁ የቀረውን ሐሙስ ልቀቁት። እኔ ብሆን የምመርጠው እሱን ነው።

አባይ_ማዶ

እህቴ፣ ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። ማስተካከያው ግማሹ ስልኩ ላይ ነው፣ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው መተግበሪያው ስለሆነ። ሐሙስ የሚወጣው ቅጂ ማስተካከያው ከሌለበትና ቁልፉ ማክሰኞ ለሁሉም ከተከፈተ፣ መተግበሪያውን ያላደሰ ተጓዥ በድሮው ብልሽት ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ሰርቨሩ ቁልፉን የሚከፍተው የተስተካከለው ቅጂ ላላቸው ብቻ መሆን አለበት። ቁልፉን ከስክሪን መደበቅም አይበቃም፤ መተግበሪያውን ቀድሞ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ቁልፉ አሁንም ይታየዋል። ከድሮው ቅጂ የመጣ የክፍያ ጥያቄን ሰርቨሩ ራሱ ይመልሰው። ይሄ ሁለቱ ከተሟላ ያንቺ መንገድ ከሁሉም ይሻላል።

ሽምብጥ_ቴስተር

ቅጂውን መለየት ይቻላል ብሎኛል ዴቨሎፐሩ፣ ግማሽ ቀን ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ «የሚቀረው ስጋት» የሚለው ክፍል ነው። 150 ዙር ሞክረን አንድም ካልተገኘ ስጋቱ ጠፍቷል ማለት አልችልም?

አባይ_ማዶ

አትችልም። ግን የምትለው ነገር አለ። ዜሮ ስህተት ስታገኝ 3ን ለሙከራው ብዛት አካፍል። 3 ለ150 ሲካፈል 2 በመቶ ይመጣል። ትርጉሙ፦ ትክክለኛው የስህተት መጠን ከ2 በመቶ በላይ ቢሆን ኖሮ በ150 ሙከራ ቢያንስ አንዱን የማየት ዕድላችን 95 በመቶ ነበር። ከዚያ በታች ያለውን ግን ይሄ ሙከራ ሊያስወግድ አይችልም። 2 በመቶው ከሁሉም ትኬት ላይ እንዳልሆነም ጻፍ፣ ኔትወርክ በዚያ ክፍተት ከተቋረጠባቸው ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ዙር በአንድ ስልክ ከተሠራ ደግሞ ስሌቱ የሚናገረው ስለዚያ ስልክ ነው፤ ቢያንስ አንድ አሮጌ አንድሮይድ ጨምር።

ሌላ በሙከራ የማይደረስበት ነገር አለ። ወንበሩን ሳይከፈል ስንት ደቂቃ ነው የምትይዙት?

ሽምብጥ_ቴስተር

በስልክ ለሚከፍለው 15 ደቂቃ። ከዚያ ለሌላ ይለቀቃል።

አባይ_ማዶ

እዚህ ላይ ቆም በል። የክፍያ ድርጅቱ «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት በ20ኛው ደቂቃ ቢመጣስ? ገንዘቡ ተቆርጧል፣ ወንበሩ ለሌላ ተሸጧል። የድርጅቶቹ የሙከራ ሰርቨር መልእክቱን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ስለሚልክ ይሄን አታየውም። የራሳችሁን አስመሳይ ላኪ ሠርታችሁ በ20ኛው ደቂቃ መልእክት ላኩና መተግበሪያችሁ ምን እንደሚያደርግ ፈትሹ። ያ የእናንተን ኮድ ይፈትሻል። እውነተኛው ድርጅት በበዓል መጨናነቅ ምን ያህል እንደሚዘገይ ግን ከመውጣታችሁ በፊት የምታውቁበት መንገድ የለም። የሚቀረው ስጋት ይሄ ነው፤ በስሙ ጥራው።

ስጋት ስትጽፍ ከጎኑ እንዴት እንደምታዩት ጻፍ። ሁለቴ መቆረጡን ይሄ ጥያቄ ያወጣዋል፣ በየሰዓቱ ይሂድ፦

```sql
SELECT booking_id, COUNT(*)
FROM payments
WHERE status = 'PAID'
GROUP BY booking_id
HAVING COUNT(*) > 1;
```

ይሄ የሚያየው ግን እናንተ ዘንድ የተመዘገበውን ብቻ ነው። ድርጅቱ ዘንድ ተቆርጦ ለእናንተ ያልደረሰውን የሚያሳየው የድርጅቱን የዕለት ሒሳብ ከራሳችሁ ጋር ማመሳከር ነው። ማታ ማታ አንድ ሰው ይሥራው።

የወደብ_ሰው

ልጆች፣ ስለ ኮዱ አላውቅም፤ ወደቡ ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ሰውየው ከፍያለሁ ብሎ ይመጣል፣ ስልኩ ላይ የተቆረጠበት መልእክት አለ፣ የእናንተ ሲስተም አልከፈለም ይላል። ጀልባው ሊነሳ ነው፣ ከኋላው ሰልፍ አለ። ትኬት ቆራጩ ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን የለውም፣ ያለ አለቃው ትእዛዝ ማሳፈርም አይችልም። ኢሜይሉ ላይ «ገንዘቡ ይመለሳል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከተራ ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? እሱን ጻፉ። ጀልባ ከጫነችው በላይ ሰው አይጨመርባትም፣ ስለዚህ «ይሳፈር» ብሎ መፍታትም ሁልጊዜ አይሆንም።

ሽምብጥ_ቴስተር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ከመካከላችን ማንም አላሰበውም ነበር። ከጀልባዎቹ ማኅበር ጋር ተነጋግረን በየጀልባው 2 ወንበር እስከ መነሻው ድረስ ሳይሸጥ እንዲቆይ ለማናጀሯ አቀርባለሁ። የስልኩ ተረኛ ግን ገና አልተመደበም።

ሁሉንም ሰብስቤ እንደገና ጻፍኩት፦

«ርዕስ፦ ውሳኔ እስከ ማክሰኞ ጥር 1 ቀትር፦ የስልክ ክፍያ ከጥር 3 ወደ ጥር 8

ጤና ይስጥልኝ። የስልክ ክፍያው ሐሙስ ጥር 3 እንዳይወጣና ወደ ማክሰኞ ጥር 8 እንዲሸጋገር ውሳኔዎን እጠይቃለሁ። የጉዞ ሰሌዳውና ወንበር መምረጫው ሐሙስ መውጣት ይችላሉ።

ምክንያቱ፦ ተጓዡ «ክፈል» ካለ በኋላ ኔትወርክ ከተቋረጠበትና እንደገና ከሞከረ፣ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። በሙከራ አይተነዋል፣ ምክንያቱም ተገኝቷል።

ቀኑ የሚሄድበት፦ ማክሰኞና ረቡዕ ማስተካከያው ይሠራል። ሐሙስ ማታ በሁለት ስልኮች 150 ጊዜ ኔትወርክ እየቆረጥን እንሞክራለን። ዓርብ የክፍያ ማረጋገጫ ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እንፈትሻለን። ቅዳሜና እሑድ ጉዞው ብዙ ስለሆነ አዲስ ነገር አንለቅም። ሰኞ ወደቡ ላይ በእጅ የሚከፈለው አለመበላሸቱን አይተን ማክሰኞ ጠዋት የክፍያ ቁልፉን የተስተካከለው ቅጂ ላላቸው ብቻ እንከፍታለን። ሐሙስ ማታ አንድ እንኳ ድርብ ክፍያ ከታየ ጥር 8 አይደርስም፤ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሳውቅዎታለሁ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሚቀረው ስጋት፦ አንደኛ፣ ከ150 ሙከራ አንድም ስህተት ባይገኝ እንኳ በዚያ ቅጽበት ኔትወርክ ከተቋረጠባቸው 100 ሰዎች እስከ 2 የሚደርሱት ላይ ሊከሰት የሚችል ስህተት ሊያመልጠን ይችላል። በየሰዓቱ የሚሠራ ፍተሻ ያሳየናል፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የክፍያ ማረጋገጫው ከ15 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ተጓዡ ከፍሎ ወንበሩ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል። በበዓል ምን ያህል እንደሚዘገይ አስቀድመን ማወቅ አንችልም። በየጀልባው 2 ወንበር ሳይሸጥ እንዲቆይና ከተራና ጥምቀት ጠዋት ስልክ የሚያነሳ፣ ገንዘብ እንዲመለስ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው እንዲመደብ እጠይቃለሁ።

አማራጮች፦ ሀ) ከላይ ያለው። ለ) ክፍያው ከጥምቀት በኋላ ሰኞ ጥር 14 ይከፈት፤ በበዓሉ ሰው እንደ ድሮው ወደቡ ላይ ይከፍላል፣ ሰልፉ ግን ይረዝማል። ሐ) ሁሉም ሐሙስ ይውጣ፤ ይህን አልመክርም፣ ድርብ ክፍያው እንዳለ ይወጣልና።»

ግሽ_ዓባይ_ፒኤም

ይሄ ኢሜይል ቢደርሰኝ በ10 ደቂቃ ውስጥ እመልስልህ ነበር። ሀን ግን አልመርጥም። ማክሰኞ ከፍታችሁ ሐሙስ ከተራ ነው፤ ገንዘብ የሚነካ አዲስ ነገር በዓመቱ ትልቁ ግርግር ላይ ለማየት ሁለት ቀን አይበቃም። ለን እመርጣለሁ።

ታንኳ

እኔ ሀ ነኝ። ጥር 14 ላይ ሰው በሌለበት ብትከፍቱት ዘግይቶ የሚመጣውን ማረጋገጫ በጭራሽ አታዩትም፤ በሚቀጥለው በዓል ነው የሚመጣባችሁ። ማክሰኞ ለጥቂት ሰው ከፍታችሁ ሐሙስ ጠዋት መዝጋት ትችላላችሁ፣ ቁልፉ ሰርቨር ላይ ከሆነ።

አባይ_ማዶ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ውሳኔው ደግሞ የማናጀሯ ነው። ሽምብጥ፣ አንድ ነገር አስተካክል። «ገንዘቡ በዚያው ቀን ይመለሳል» ያልከውን አውጣው። የምታውቀው እናንተ የመመለሻ ጥያቄውን በዚያው ቀን እንደምትልኩ ነው፤ ገንዘቡ ተጓዡ እጅ የሚገባው በክፍያ ድርጅቱ ጊዜ ነው። በዓል ላይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ውላችሁ ውስጥ ካለ ቀኑን ጻፍ፣ ከሌለ ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቃቸው።

ሽምብጥ_ቴስተር

ውሉ ላይ የለም። ጠዋት ደውዬ መልሱን ከሰማሁ በኋላ ነው የምልከው።